ጠላቱን የሚመዘግብ ባክቴሪያ

የእርጎና የቺዝ ፋብሪካ ሠራተኞች አጥብቀው የሚፈሩት ነገር በዓይን አይታይም። ብዙ ሺህ ሊትር ወተት በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ይሞቅና እርሾ ተጨምሮበት ይጠበቃል። በደህናው ቀን እርሾው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣል፤ ወተቱም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይረጋል። አንዳንድ ቀን ግን ሰዓቱ ያልፋል፣ የአሲድ መለኪያው ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ ወተቱም ወተት እንደሆነ ይቀራል። ይህ ሲሆን እርሾው ሞቷል ማለት ነው። ገዳዩ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ ሙሉ ስሙ ባክቴሪዮፋጅ፣ ሲያጥር ፋጅ ይባላል።

ፋጅ ሰውን አይነካም። እርጎው ውስጥ ቢገኝ እንኳ ጠጪው ምንም አይሆንም። ለእርሾው ግን መቅሠፍት ነው። ከባክቴሪያው ግድግዳ ላይ ይጣበቅና የራሱን ዲኤንኤ ወደ ውስጥ ይረጫል፤ ባዶ ቀፎው ውጭ ይቀራል። የገባው ዲኤንኤ ሴሉን አስገድዶ የፋጁን ቅጂ ያሠራዋል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሞላ ሴሉ ይፈነዳል፤ ከመቶ የማያንሱ አዳዲስ ፋጆችም ይበተናሉ። አንድ ፋጅ በየግማሽ ሰዓቱ መቶ እያፈራ ከሄደ በሁለት ሰዓት ውስጥ መቶ ሚሊዮን ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት ወተቱ ሳይረጋ እርሾው ያልቃል።

ይሁንና እርሾው ጨርሶ አያልቅም። ሁልጊዜ የሚተርፉ ጥቂት ሴሎች አሉ። እነዚህን ለይተው ካሳደጓቸው በኋላ ያንኑ ፋጅ ቢለቁባቸው አይሞቱም፤ ዘራቸውም አይሞትም። የወተት ባለሙያዎች ይህን ከድሮም ያውቁ ነበር፤ ከተረፉት እየመረጡም ጠንካራ እርሾ ያወጡ ነበር። ምን እንዳተረፋቸው ግን በደንብ የሚያስረዳ አልነበረም። ከማብራሪያዎቹ አንዱ በ2007 ይፋ ሆነ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ባክቴሪያው ካጠቃው ፋጅ ዲኤንኤ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በራሱ ዲኤንኤ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ለልጅ ልጆቹም ያወርሳል። የቁራጮቹ መዝገብ ክሪስፐር ይባላል።

ብዙ አንባቢ ክሪስፐር ሲባል የሚያስበው ዘረመል የሚታረምበትን መቀስ ነው። በ2020 ኤማኑኤል ሻርፔንቲየርና ጄኒፈር ዳውድና የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙትም በዚሁ መቀስ ነው። በተፈጥሮ ውስጥ ግን መቀሱ ያለ መዝገቡ ምንም አያውቅም፤ ምን መቁረጥ እንዳለበት የሚነግረው የተጻፈው ቁራጭ ነው። ዝናው ሁሉ ወደ መቀሱ ሄደ እንጂ እውነተኛው እንቆቅልሽ የመጻፉ ሥራ ነው። አንዲት ነጠላ ሴል በሕይወት ዘመኗ አይታው የማታውቀውን ጠላት እንዴት ለይታ ትመዘግባለች?

የመዝገቡን መልክ መጀመሪያ ያዩት ሰዎች ምን እንደሆነ አላወቁም። በ1987 በጃፓን የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ዮሺዙሚ ኢሺኖና ባልደረቦቹ ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ አንድ ዘረመል ሲያነቡ ከጎኑ እንግዳ ነገር አገኙ። አንድ ዓይነት 29 ፊደል ደጋግሞ ይመጣል፤ በየመሀሉ ደግሞ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል 32 ፊደል ተሰክቷል። ፊደል የምንለው ዲኤንኤ የተሠራባቸውን አራት ኬሚካሎች፣ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲን ነው። ተመራማሪዎቹ ትርጉሙ እንዳልገባቸው ጽፈው አለፉ።

በስፔን የአሊካንቴ ዩኒቨርሲቲው ፍራንሲስኮ ሞሂካ ግን ነገሩን አልለቀቀውም። እሱ ያገኘው ተመሳሳይ ድግግሞሽ ደግሞ ከባሕር ዳር የጨው ማምረቻ ኩሬ በተወሰደ ጨው ወዳድ ረቂቅ ሕዋስ ውስጥ ነበር። ሌሎች ድግግሞሹን ሲያጠኑ፣ ሞሂካ በ2003 ትኩረቱን በመሀል ወደተሰኩት የማይመሳሰሉ ቁራጮች አዞረ። ቁራጮቹ ስፔሰር ይባላሉ። አንድ በአንድ እያወጣ በዓለም የዲኤንኤ መረጃ ቋት ውስጥ ይፈልጋቸው ጀመር። አብዛኞቹ ከምንም ጋር አልገጠሙም፤ ያኔ ከታወቁት ፋጆች ያልታወቁት እጅግ ይበዙ ነበርና። ከገጠሙት መካከል ግን ትልቁ ድርሻ የፋጅና የሌላ ሰርጎ ገብ ዲኤንኤ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም አልፎ አንድ ባክቴሪያ የአንድን ፋጅ ስፔሰር ከያዘ ያ ፋጅ እንደማያጠቃው አስተዋለ። ሞሂካ ይህን ጽፎ ቢልክ ታላላቅ መጽሔቶች እየመለሱበት በ2005 ብቻ ታተመለት። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖችም ተመሳሳይ ነገር አሳተሙ። እስካሁን ያለው ግን የኮምፒውተር ማመሳከሪያ ነው፤ ባክቴሪያው ሲጽፍ ያየ ሰው አልነበረም።

ሲጽፍ የታየው እርሾ ውስጥ ነው። ዳኒስኮ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ለዓለም የወተት ፋብሪካዎች እርሾ ያቀርብ ነበር። በኩባንያው ውስጥ ሮዶልፍ ባራንጉ በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ፊሊፕ ሆርቫት በፈረንሳይ ሆነው ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስን ያጠኑ ነበር፤ እርጎና የፒዛ ቺዝ የሚያረጋው ባክቴሪያ ይህ ነው። በካናዳ የላቫል ዩኒቨርሲቲው የፋጅ አዋቂ ሲልቫን ሙዋኖም አብሯቸው ሠራ። የመረጡት ዝርያ ከክሪስፐር መዝገቦቹ በአንዱ ውስጥ 32 ስፔሰር ነበረው። በዚህ ባክቴሪያ ላይ ከወተት ፋብሪካ የተገኙ ሁለት ፋጆችን፣ 858 እና 2972 ተብለው የተቆጠሩትን፣ አንዳንዴ አንዱን አንዳንዴ ሁለቱንም ለቀቁበት። የተረፉትን ሰበሰቡና ዘጠኝ ተራፊ ዝርያ ለዩ። ከዚያም መዝገባቸውን አነበቡ።

በዘጠኙም መዝገብ ውስጥ አዲስ ነገር ተጨምሯል። አንዳንዱ አንድ ስፔሰር፣ አንዳንዱ እስከ አራት አግኝቷል። የአዲሶቹ ስፔሰሮች ፊደል ከተለቀቁት ፋጆች ዲኤንኤ ጋር ይገጥማል። የተጨመሩት ሁሉ በመዝገቡ አንድ ጫፍ ነው፤ ይህ ጫፍ መሪ ከሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ጋር የሚዋሰነው ነው። ስለዚህ መዝገቡን ከመሪው ጀምሮ የሚያነብ ሰው ከቅርቡ ጥቃት ወደ ጥንቱ ይሄዳል።

አንድ ነገር አብሮ መታየቱ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አያሰኝም። ቡድኑም ይህን ስለሚያውቅ ሥራውን በገዛ እጁ ፈተነው። የተጻፈውን ሲያጠፉ ባክቴሪያው እንደገና ተጋላጭ ሆነ። የ858ን ስፔሰር የያዘውን መዝገብ አውጥተው 858ን በማይቋቋም ሌላ ዝርያ ውስጥ ሲያስገቡት ያ ዝርያ 858ን ተቋቋመ። አንድ ፊደል እንኳ ከፋጁ የተለየ ስፔሰር የያዘው ዝርያ ግን መከላከያ አላገኘም። ለፋብሪካ ሰው ደስ የማይለው፣ ለሳይንስ ግን ወሳኙ ዝርዝር ይህ ነበር፤ መከላከያው በአጠቃላይ ጥንካሬ ሳይሆን በተጻፈው ፊደል የሚወሰን መሆኑን ያሳያልና።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያለፈ ሌላ ሙከራ አለ። ከመዝገቡ አጠገብ ካስ የሚባሉ ዘረመሎች ተሰልፈዋል። ተመራማሪዎቹ ከመካከላቸው አንዱን ሲያጠፉ ስፔሰሩን የያዘው ባክቴሪያ ፋጁን መቋቋም አቃተው። ያ ዘረመል ዛሬ ካስ9 የምንለው መቀስ ነው። ሌላ ዘረመል ሲያጠፉ ደግሞ ባክቴሪያው የቆየውን መከላከያ እንደያዘ ቀረ፤ አዲስ ስፔሰር የሚጨምር ተራፊ ግን ሊያገኙበት አልቻሉም። ስለዚህ ማንበብና መቁረጥ አንድ ሥራ፣ መጻፍ ሌላ ሥራ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ጸሐፊውን በመፈለግ አለፉ።

ጸሐፊው በ2012 በኢ. ኮላይ ውስጥ በግልጽ ተለየ። በእስራኤል የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ኡዲ ቂምሮን ቡድን ሁለት ፕሮቲኖች ብቻ፣ ካስ1 እና ካስ2፣ አዲስ ስፔሰር ለማስገባት እንደሚበቁ አሳየ። መዝገቡም ረጅም መሆን የለበትም፤ መሪውና አንድ ድግግሞሽ ካሉ ይበቃል። እነዚህ ሁለት ፕሮቲኖች ክሪስፐር ባለባቸው ባክቴሪያዎች ውስጥ በአብዛኛው ይገኛሉ፤ መቀሱ ግን ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ኢ. ኮላይ ካስ9 የለውም፤ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው ያለው። ጸሐፊው አንድ ዓይነት ሆኖ መቀሱ ብዙ ዓይነት መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይልቅ የሚገርመው ነው።

ካስ1 እና ካስ2 አንድ ላይ ሲቀመጡ አራት ካስ1 በሁለት ወገን፣ ሁለት ካስ2 በመሀል ሆነው ክንፉን የዘረጋ ቅርጽ ይይዛሉ። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት በሜትር እንደሚለካ፣ ይህ ቅርጽ የያዘውን ዲኤንኤ ይለካል። ዲኤንኤው በመሀል ሲተኛ ድርቡ ክር 23 ጥንድ ፊደል ያህል እንደተጠመዘዘ ይቆያል። ከዚያ በሁለቱም ወገን ፕሮቲኑ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ክሮቹን ይለያያቸዋል፤ ከየጫፉ አምስት አምስት ፊደል ያለው ነጠላ ክር ወደ ካስ1 ውስጥ ይገባል። 23 እና ሁለት ጊዜ 5 ሲደመሩ 33 ይሆናሉ፤ ኢ. ኮላይ ወደ መዝገቡ የሚያስገባው ቁራጭ ርዝመትም ይኸው ነው። የስፔሰሮች ርዝመት ከሞላ ጎደል እኩል የሆነበት ምክንያት የጸሐፊው አካል ራሱ መለኪያ መሆኑ ነው። የፕሮቲኑ መልክ ከዲኤንኤው ጋር በ2015 በኤክስሬይ ታይቷል።

ቀጥሎ የማስገባቱ ሥራ ይመጣል። መዝገቡ ከባክቴሪያው ሚሊዮኖች ፊደላት መካከል አንዲት ቦታ ናት፤ ጸሐፊው እንዴት ያገኛታል? በኢ. ኮላይ ውስጥ ዲኤንኤን የሚያጎብጥ ሌላ ፕሮቲን መሪው ላይ ይቀመጥና ክሩን በሰፊው ያጎብጠዋል። ካስ1 እና ካስ2 ይህን ጎባጣ ሲያገኙ መሪውና የመጀመሪያው ድግግሞሽ ከሚገናኙበት ድንበር ላይ በትክክል ይገጥማሉ። የያዙት ቁራጭ አንደኛው ጫፍ በኬሚካል ያንን ድንበር አጥቅቶ ከአንዱ ክር ጋር ይያያዛል። ሁለተኛው ጫፍ በድግግሞሹ ማዶ፣ በተቃራኒው ክር ላይ ይያያዛል። አሁን የድግግሞሹ ሁለት ክሮች አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ተለያይተዋል፤ እያንዳንዱም ጎዶሎ ነው። የሴሉ መደበኛ የዲኤንኤ ጠጋኝ መጥቶ ጎዶሎዎቹን ሲሞላ አንዱ ድግግሞሽ ሁለት ይሆናል፤ አዲሱ ስፔሰርም በመሀላቸው ተቀምጧል። ድግግሞሾቹ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑት፣ ቁጥራቸውም ከስፔሰሮቹ በአንድ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። መዝገቡ ወደ ረጅም አርኤንኤ ይገለበጣል፤ አርኤንኤው በየስፔሰሩ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከመቀሱ ጋር ተጣምሮ ሴሉን ይቃኛል። የሚገጥመው ዲኤንኤ ከገባ ይቆረጣል። በስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ ውስጥ የፋጁ ዲኤንኤ በእርግጥ በስፔሰሩ ልክ እንደሚቆረጥ የሙዋኖ ቡድን በ2010 አሳይቷል።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ስፔሰሩ በመዝገቡ ውስጥ ከፋጁ ዲኤንኤ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ መቀሱ ለምን መዝገቡን ራሱን አይቆርጠውም? መልሱ ከስፔሰሩ ውጭ ያሉ ጥቂት ፊደላት ናቸው፤ ፓም ይባላሉ። መቀሱ የሚቆርጠው ከሚገጥመው ክፍል አጠገብ ፓም ካለ ብቻ ነው። በኢ. ኮላይ ፓሙ በአብዛኛው ኤ-ኤ-ጂ ነው፤ በስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ በአንደኛው መዝገብ ውስጥ ዋነኞቹ ፊደላት ኤ-ጂ-ኤ-ኤ ናቸው። በመዝገቡ ውስጥ ከስፔሰሩ ጎን ያለው ድግግሞሹ ስለሆነ ፓም የለም፤ መዝገቡም አይነካም። ይህ ግን የጸሐፊውን ሥራ ያከብደዋል። ቁራጩን የሚወስደው ፓም ካለበት ቦታ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የተጻፈው ለመቀሱ አይጠቅምም። በሌላ በኩል ፓሙን ከነቁራጩ ከጻፈው መዝገቡ ራሱ ይቆረጣል። ስለዚህ ፓሙ ቁራጩን ለመምረጥ ይፈለጋል፣ ከመጻፉ በፊት ደግሞ ይላጫል።

ምርጫውን ማን ያደርጋል? ኢ. ኮላይ ውስጥ ካስ1 ራሱ ፓሙን ያውቀዋል። እንደ ስትሬፕቶኮከስ ባሉት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በ2015 በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ሉቺያኖ ማራፊኒ ቡድን ካስ9 ራሱ ጸሐፊውን እንደሚያግዝ አገኘ። የካስ9ን ፓም የሚያነብበትን ክፍል ሲያበላሹ ባክቴሪያው ስፔሰር መውሰዱን ቀጠለ፤ የወሰደው ግን ትክክለኛ ፓም ካለበት ቦታ አልነበረም። መቁረጫውን ብቻ አበላሽተው ማንበቢያውን ሲተዉት ደግሞ ምርጫው ትክክል ሆኖ ቀጠለ። መቀሱ ሳይቆርጥም ጥቅም አለው ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ራስንና ጠላትን መለየት ነው። የባክቴሪያው የራሱ ዲኤንኤ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፊደል ሲሆን የፋጅ 2972 ግን 35 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ጸሐፊው በጭፍን ቢወስድ አብዛኛው ቁራጭ የራሱ ዲኤንኤ ይሆናል፤ የራሱን የመዘገበ ሴል ደግሞ በራሱ መቀስ ይሞታል። በስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ ላይ በዚያው በ2015 የተሠራ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳየ። የካስ9 መቁረጫ ሲጠፋ፣ ማለትም ራሱን የመዘገበ ሴል እንዳይሞት ሲደረግ፣ ከተጻፉት ስፔሰሮች አብዛኞቹ የባክቴሪያው የገዛ ዲኤንኤ ሆነው ተገኙ። በጤናማው ባክቴሪያ ውስጥ የማይታዩት ስላልተሳሳተ ሳይሆን የተሳሳቱት ሞተው ስለጠፉ ነው። ይህ የሚያምር ሥርዓት አይደለም፤ ብዙ ሴሎች ስላሉ ብቻ የሚያዋጣ ነው።

ኢ. ኮላይ የተሻለ ዘዴ አለው። የዲኤንኤ ክር ሲሰበር አንድ የኢንዛይም ቡድን ከተሰበረው ጫፍ ጀምሮ ክሩን እየበላ ይሄዳል፤ የሚቆመው ቺ የሚባል ስምንት ፊደል ሲያጋጥመው ነው። የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ በቺ የተሞላ ነው፤ አንድ ሺህ ያህል አለበት። ስለዚህ የራሱ ዲኤንኤ ቢሰበር ብዙም ሳይበላ ይቆማል። የፋጅ ዲኤንኤ ግን በክፍት ጫፍ ገብቶ ቺም ስለሚያጥረው ብዙ ይበላል፤ ፍርፋሪውም ለካስ1 እና ለካስ2 ይተርፋል። ቂምሮንና በዋይዝማን ተቋም የሮተም ሶሬክ ቡድን በ2015 አዳዲስ ስፔሰሮች ከየት እንደተወሰዱ ቆጥረው ይህን አረጋገጡ። ክፍት ጫፍ፣ የቺ ማነስና በፍጥነት መባዛት፤ ኢ. ኮላይ ጠላቱን የሚጠረጥረው በእነዚህ ነው። ጥርጣሬው ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ በአብዛኛው ግን ይሠራል።

አሁን ወደ ጊዜው ጉዳይ እንምጣ። ፋጁ ሴሉን ለመግደል ግማሽ ሰዓት ነው የሚወስድበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቁራጭ መውሰድ፣ መጻፍ፣ መገልበጥና መቁረጥ አለበት። ታዲያ እንዴት ይደርሳል? አብዛኛው አይደርስም። በላቦራቶሪ በተደረጉ ሙከራዎች አዲስ ስፔሰር ጽፎ የሚተርፈው ከአሥር ሚሊዮን ሴል አንድ ያህል ነው። አንድ ሚሊ ሊትር በደንብ ያደገ ባክቴሪያ አንድ ቢሊዮን ሴል ሊይዝ ስለሚችል መቶ ያህል ተራፊ ይገኛል ማለት ነው፤ እነሱም ሲባዙ ጋኑን ይሞሉታል። በአንድ ሴል ዓይን ሲታይ ይህ መከላከያ ከንቱ ነው፤ በሕዝብ ዓይን ሲታይ ያዋጣል።

የሚተርፉት እንዴት ጊዜ እንዳገኙ የሚያሳዩ ሁለት ሙከራዎች አሉ። በላቫል የተሠራው የ2014 ሙከራ ፋጆቹን አስቀድሞ በአልትራቫዮሌት ጨረር አዳከማቸው። የተዳከመ ፋጅ ዲኤንኤውን ይረጫል እንጂ ሴሉን መግደል አይችልም። እንዲህ ያሉ ፋጆች በድብልቁ ሲጨመሩ አዲስ ስፔሰር የጻፉት ባክቴሪያዎች በዙ። በሽታን በተዳከመ ተሕዋስ ለመከላከል ሰው የሚከተበውን ክትባት የሚያውቅ አንባቢ ምን እየተባለ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ባክቴሪያው በተፈጥሮም በአብዛኛው የሚማረው ከጎደለ ጠላት ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ሙከራ ከማራፊኒ ቡድን በ2017 ወጣ። በስታፊሎኮከስ ውስጥ ፋጁ ዲኤንኤውን ሲረጭ ቀድሞ የሚገባው ጫፍ ክፍት ነው። ተመራማሪዎቹ የአዳዲሶቹን ስፔሰሮች ምንጭ ሲቆጥሩ በብዛት ከዚሁ ቀድሞ ከገባው ጫፍ አጠገብ የተወሰዱ ሆነው አገኟቸው። ባክቴሪያው የሚጽፈው ፋጁ ገና በር ላይ ሳለ ነው ማለት ነው። የእነዚህ ስፔሰሮች ጥቅምም ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ያ ፋጅ ዳግም ሲመጣ መቀሱ ቀድሞ የሚያገኘው ይህንኑ ጫፍ ስለሆነ ገና ሳይባዛ ይቆርጠዋል።

ያው ቡድን አንድ ፊደል የተለወጠበት ካስ9 ስፔሰር መጻፍን በብዙ እጥፍ እንደሚያፈጥንም አግኝቷል። ታዲያ ተፈጥሮ ይህን ፈጣን ጸሐፊ ለምን አልመረጠችም? የሚገመተው ምክንያት ራስን መመዝገብም አብሮ መፍጠኑ ነው። ዝግታው ስንፍና ሳይሆን ጥንቃቄ ይመስላል።

ፋጁም ዝም ብሎ አይቀመጥም። በስትሬፕቶኮከስ ሙከራ ውስጥ አንድ ስፔሰር ብቻ የጨመሩት ተራፊዎች ቆይተው እንደገና ተጠቅተዋል። አጥቂዎቹ ፋጆች ሲነበቡ ስፔሰሩ ከሚገጥምበት ቦታ ወይም ከፓሙ ላይ አንድ ፊደል ለውጠው ተገኙ፤ መቀሱን ለማሳት አንድ ፊደል ይበቃል። አንዳንድ ፋጆች ደግሞ መቀሱን የሚያሽመደምድ ፕሮቲን ይዘው ይመጣሉ፤ ይህ በመጀመሪያ በፕሲውዶሞናስ ፋጆች ላይ በ2013 ታወቀ። ባክቴሪያው በበኩሉ ሁለት መልስ አለው። አንደኛው ሁለትና ሦስት ስፔሰር መያዝ ነው፤ ፋጁ በአንድ ጊዜ ሁለት ትክክለኛ ፊደል መለወጥ ይከብደዋል። ሁለተኛው በኢ. ኮላይና በዘመዶቹ የታየ ሲሆን የተለወጠውን ፋጅ ያረጀ ስፔሰር በከፊል ካወቀው፣ መቁረጥ ቢያቅተው እንኳ ከዚያው ፋጅ አዳዲስ ስፔሰሮች በፍጥነት እንዲጻፉ ያደርጋል።

ከዚህም በላይ የሚጠብቃቸው አለመመሳሰላቸው ነው። እያንዳንዱ ተራፊ ቁራጩን ከፋጁ የተለያየ ቦታ ስለሚወስድ በአንድ ጋን ውስጥ ያሉት ብዙ ዓይነት መዝገብ ይዘዋል። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ይህን ፈተኑት። አንድ ዓይነት ስፔሰር ብቻ ባላቸው ባክቴሪያዎች መካከል ፋጁ ለውጥ አድርጎ ቆየ፤ ብዙ የተለያዩ ስፔሰሮች በተደባለቁበት ግን ፋጁ ፈጽሞ ጠፋ። በአገራችን ቤት የሚረጋው እርጎ የሚረጋው ከፋብሪካ በተገዛ አንድ ዝርያ ሳይሆን ከወተቱና ከዕቃው በሚገኝ ድብልቅ ባክቴሪያ ነው፤ በአንድ ፋጅ ብቻ ሁሉም የማያልቀው አንዱም በዚህ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ሥርዓቱ ወሰን እንዳለውም መታወቅ አለበት። መዝገቡ ያለ ገደብ አይረዝምም፤ የቆዩ ስፔሰሮች ይጠፋሉ። ክሪስፐር ያላቸው ባክቴሪያዎች ከግማሽ በታች ናቸው፤ ሌሎቹ በሌላ መንገድ ይከላከላሉ። ከፋጅ ጥቃት የተረፈ ባክቴሪያ ሁሉ ስፔሰር ጽፎ ነው የተረፈው ማለትም አይቻልም፤ አንዳንዱ ፋጁ የሚጣበቅበትን የግድግዳ ክፍል ለውጦ ያመልጣል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ተራፊ ሲያገኙ መጀመሪያ የመዝገቡን መሪ ጫፍ በፒሲአር አባዝተው ርዝመቱን የሚለኩት። አንድ ስፔሰርና አንድ ድግግሞሽ ከተጨመሩ በስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ የመጀመሪያው መዝገብ 30 እና 36፣ በድምሩ 66 ፊደል ይረዝማል፤ በጄል ላይ መስመሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ካልረዘመ ተራፊው በሌላ መንገድ ነው የዳነው።

ዛሬ እርሾ አምራቾች ይህንኑ ይሠሩበታል። ምርጥ ዝርያቸውን ፋብሪካ ውስጥ ለሚዞሩ ፋጆች አንድ በአንድ ያጋልጡታል፤ መዝገባቸው የረዘመውን ይመርጣሉ፤ ብዙ ስፔሰር እስኪደራረብ ይደጋግሙታል። ስፔሰሩን የጻፈው ባክቴሪያው ራሱ ስለሆነ በእጅ የገባ የውጭ ዘረመል የለበትም። እንዲህ የተዘጋጁ የስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ እርሾዎች ገበያ ላይ ይሸጣሉ፤ ከሚያረጉትም አንዱ ፒዛ ላይ የሚቀልጠው ቺዝ ነው።